322 ገጽ ሲከፋፈል፦ ረጅም ዘገባን ቆርሶ ማጠቃለልና መልሶ ማገጣጠም

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ከጃካርታ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የተሳፈሩት 189 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሳሳይ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። የኢንዶኔዥያ የትራንስፖርት ደኅንነት ኮሚቴ ስለ መጀመሪያው አደጋ ያወጣው የመጨረሻ ዘገባ 322 ገጽ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነና ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው፤ ግን ቁጭ ብሎ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቀው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰዎች ይከፋፈሉታል፤ አንዱ የበረራውን ታሪክ፣ ሌላው የጥገናውን፣ ሦስተኛው የምርመራ ሙከራዎቹን ያጠቃልልና በመጨረሻ አንድ ላይ ይገጣጠማል።

ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ማጠቃለያ ለብቻው ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተገጣጠመው ግን ስሕተት ይሆናል። ዘገባው የያዘው ዋና ነገር በአንዱ ክፍል ውስጥ አይደለምና፤ በክፍሎቹ መካከል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ማክስ አውሮፕላን በአፍንጫው ግራና ቀኝ ሁለት የማዕዘን ሴንሰሮች አሉት። ሥራቸው አውሮፕላኑ ከሚገጥመው አየር ጋር ምን ያህል ቀና ብሎ እንደሚበር መለካት ነው። ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት ይህን ንባብ አይቶ አፍንጫው በጣም ቀና ብሏል ብሎ ካመነ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። የላየን ኤሩ አውሮፕላን ከአደጋው ቀደም ባሉት ቀናት በአብራሪው ማሳያ ላይ ስለ ፍጥነትና ከፍታ የሚጠቁሙ ብልሽቶች ሲደጋገሙበት ከረመ። ስለዚህ ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ዴንፓሳር ላይ የግራው ሴንሰር ተነቅሎ ሌላ ተገጠመ። የተገጠመው ሴንሰር ቀደም ሲል ፍሎሪዳ ውስጥ የተጠገነ ነበር፤ እዚያ ሲስተካከል 21 ዲግሪ የሚያህል መዛባት ይዞ መውጣቱን ማንም አላስተዋለም።

አሁን የጥገናውን ክፍል የወሰደው ሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ብልሽት የታየበት የግራ ሴንሰር ከአደጋው በፊት በሌላ ተተክቷል።» ትክክል ነው። የበረራ መቅረጫውን ክፍል የያዘችው ደግሞ፦ «የግራው ሴንሰር ከቀኙ በ21 ዲግሪ የሚበልጥ ንባብ ይሰጥ ነበር» ትላለች። እሱም ትክክል ነው። የሙከራውን ክፍል የወሰደው ሦስተኛ ሰው፦ «የግራው ሴንሰር ሲመረመር የውስጥ ሽቦው የሚቆራረጥ ብልሽት ተገኘበት» ይላል። ይህም ትክክል ነው። አገጣጣሚው ሦስቱን ሲያጋጥም «የግራው ሴንሰር የሽቦ ብልሽት ስለነበረበት 21 ዲግሪ ያዛባ ነበር» ብሎ ይደመድማል፤ ወይም ደግሞ «ብልሽቱ ከአደጋው በፊት በመቀየር ተወግዷል» ይላል። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። የሽቦ ብልሽት የተገኘበት ሴንሰር የተነቀለው ነው፤ 21 ዲግሪ ያዛባው የተተካው ነው። «የግራው ሴንሰር» የሚለው አንድ ስም ሁለት ዕቃዎችን ይጠራል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያሳውቀው ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ቀን ነው።

ስለዚህ ሥራው ከመከፋፈል በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚነበበው ማውጫው፣ የምህጻረ ቃላት ዝርዝሩና መደምደሚያው ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ በአባሪ 13፣ መሠረት የሚጻፍ የአደጋ ዘገባ ሁሉ አንድ ዓይነት አጽም አለው፦ ክፍል 1 እውነታዎች፣ ክፍል 2 ትንታኔ፣ ክፍል 3 መደምደሚያ፣ ክፍል 4 የደኅንነት ምክረ ሐሳብ። ክፍል 1 ደግሞ በቁጥር የተለዩ ንዑስ ክፍሎች አሉት፤ 1.1 የበረራው ታሪክ፣ 1.6 የአውሮፕላኑ መረጃ፣ 1.11 የበረራ መቅረጫዎች፣ 1.16 ሙከራና ምርምር፣ 1.17 የድርጅቶቹ አሠራር። ዘገባው የሚቆረጠው በእነዚህ ስፌቶች ላይ ነው። 322 ገጽን ለአራት ሰው ሰማንያ ሰማንያ ገጽ አድርጎ ማደል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን መሐል ላይ የተቆረጠው ክፍል ሁለቱንም አንባቢዎች ያሳስታል። አንዱ ክፍል ትልቅ ከሆነ በንዑስ ቁጥሩ መክፈል ይሻላል፤ ትንንሾቹን ደግሞ ለአንድ ሰው መደረብ። ማስታወሻ ሲያዝም በገጽ ቁጥር ሳይሆን በክፍል ቁጥር መያዝ ይበጃል፤ የገጽ ቁጥር ከእትም ወደ እትም ይለወጣል፣ የክፍል ቁጥር ግን ዘገባው ራሱ ወደ ሌላ ቦታ ሲመራ የሚጠቀምበት ነው።

መደምደሚያው ቀድሞ የሚነበበው ለመገልበጥ አይደለም። ከአንድ በላይ ክፍል ውስጥ የሚመላለሱት ነገሮች የትኞቹ እንደሆኑ የሚጠቁመው እሱ ስለሆነ ነው። እነዚህ ነገሮች ተለቅመው በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ ማያያዣ መዝገብ እንበለው። ለላየን ኤር ዘገባ መዝገቡ ከሚይዛቸው መካከል ጥቂቱ ይህን ይመስላል፦

ሴ-1፦ የተነቀለው የግራ ሴንሰር።
ሴ-2፦ በዴንፓሳር የተገጠመው የግራ ሴንሰር።
ሴ-3፦ የቀኙ ሴንሰር።
በ-043፦ ከአደጋው በፊት የነበረው በረራ፣ ከዴንፓሳር ወደ ጃካርታ።
በ-610፦ የአደጋው በረራ።
ማ-1፦ የሁለቱ ሴንሰሮች ንባብ ሲለያይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ።

ይህ ወረቀት ሁሉም አጠቃላዮች እጅ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማንም «የግራው ሴንሰር» ብሎ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ ሴ-1 ወይም ሴ-2 ማለት አለበት። የያዘው ክፍል የትኛው እንደሆነ ካልነገረው «የግራ ሴንሰር፣ ሴ-1 ወይም ሴ-2፣ አልተለየም» ብሎ ይጽፋል። ይህች «አልተለየም» የምትለው ቃል ትልቅ ዋጋ አላት። አገጣጣሚው ሌላ ክፍል ውስጥ መልሱን እንዲፈልግ የምታስገድደው እሷ ናት። አጠቃላዩ በግምት ሞልቶት ቢሆን ግን ስሕተቱ ማንም ሳያየው ያልፍ ነበር።

ሰዓትም መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት። ዘገባው የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። በ-043 ከዴንፓሳር የተነሣው በዩቲሲ 14፡20 ገደማ፣ በ-610 ከጃካርታ የተነሣው ደግሞ በ23፡20 ነበር። በዩቲሲ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 የተነሡ ናቸው። በአካባቢው አቆጣጠር ግን የመጀመሪያው ኦክቶበር 28 ማታ፣ ሁለተኛው ኦክቶበር 29 ማለዳ ነው። ዴንፓሳርና ጃካርታም ራሳቸው በአንድ ሰዓት ይለያያሉ። በአማርኛ የሚያጠቃልል ሰው ደግሞ የእኛን ሰዓትና የእኛን የዘመን አቆጣጠር ይጨምርበታል። አንዱ «ጥቅምት 18»፣ ሌላው «ኦክቶበር 29»፣ ሦስተኛው «23፡20» እያለ ከመጣ አገጣጣሚው ሁለቱን በረራዎች አንድ ያደርጋቸዋል ወይም አንዱን በረራ ሁለት ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፊል ማጠቃለያዎች በሙሉ በዩቲሲ ይጻፋሉ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለወጠው በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ሰው እጅ ነው።

ከፊል ማጠቃለያው ራሱ እንዴት ይጻፋል? እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከመጣበት የክፍል ቁጥር ጋር ይያዛል። ከሥሩ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ይኖሩታል። የመጀመሪያው ወደ ውጭ የሚያመለክት ሁሉ ነው፤ «ይህ በ1.16 ተብራርቷል» የሚል ካለ ማጣቀሻው እንዳለ ይቀመጣል፣ ለማሳጠር ሲባል አይቆረጥም። ሁለተኛው ደግሞ ክፍሉ ያላለው ነገር ነው። ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ግን በዚህ ዘገባ ውስጥ ከባዱ ነገር የተሰወረው እዚያ ነው።

በ-043 ላይ የሆነውን እንይ። አውሮፕላኑ ገና ከመነሣቱ የካፒቴኑ መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይህ አውሮፕላኑ ተንሳፋፊነቱን ሊያጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሲሆን እስከ ጉዞው ፍጻሜ አላቆመም። ኤምካስም አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ነበር። አብራሪዎቹ የጅራቱን ማስተካከያ የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚቋርጡትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ዘግተው፣ በእጅ እያስተካከሉ ጃካርታ በሰላም አረፉ። ይህ የበረራው ታሪክ ነው። አብራሪው በአውሮፕላኑ ሎግ ቡክ ላይ ያሰፈረው ግን የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች መለያየታቸውንና አንድ የግፊት ልዩነት መብራት መብራቱን ነው። የጃካርታ ቴክኒሻኖችም በተጻፈው መሠረት የፍጥነትና የከፍታ መለኪያ ቱቦዎችን አጸዱ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማያያዣ ጠረጉ፣ ፈተሹ፣ አውሮፕላኑን ለበረራ ለቀቁት።

የጥገናውን ክፍል ያጠቃለለው ሰው «አብራሪው የፍጥነትና የከፍታ ልዩነት መዘገበ፤ ቴክኒሻኖቹ መስመሮቹን አጽድተው ፈተሹ» ብሎ ይጽፋል። ሥርዓት ያለው፣ የተሟላ ሥራ ይመስላል። የበረራውን ታሪክ ያጠቃለለው ደግሞ ንቅጥቃጤውንና የተዘጉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ይጽፋል። ሁለቱን ማጠቃለያዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያላነጻጸረ ሰው ዋናውን ነገር አያየውም፤ ቴክኒሻኖቹ ስለ ንቅጥቃጤው የሚያሳውቅ ቃል በሎግ ቡኩ አላገኙም። ይህ ጉድለት ከዘገባው ዘጠኝ አስተዋጽኦ አድራጊ ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ የጥገናው አጠቃላይ በማያያዣ መዝገቡ ላይ በ-043 የሚለውን ሲያይ፣ ከማጠቃለያው ሥር «በሎግ ቡኩ ስለ መሪው ንቅጥቃጤም ሆነ ስለተዘጉት ማብሪያ ማጥፊያዎች የተጻፈ የለም» ብሎ ማስፈር ይኖርበታል። ያልተጻፈን ነገር መዝግቦ የማቆየት ልማድ በማጠቃለል ሥራ እጅግ ብርቅ ነው፤ ማጠቃለል ሲባል ያለውን ማሳጠር ብቻ ስለሚመስለን።

ሌላው በየደረጃው የሚሸራረፈው የዘገባው ጥንቃቄ ነው። መርማሪዎቹ ሴ-2 ዴንፓሳር ላይ ሲገጠም የተደረገው ፍተሻ በትክክል ስለመከናወኑ ማረጋገጥ አልቻልንም ብለዋል። የፍተሻው ውጤት አልተመዘገበም ነበር። ከፊል ማጠቃለያው «ፍተሻው በትክክል መከናወኑ አልተረጋገጠም» ይላል፤ እስካሁን ደኅና ነው። የማጠቃለያዎቹ ማጠቃለያ «ፍተሻው በትክክል አልተከናወነም» ይላል። ለጋዜጣ ዜና ሲሆን ደግሞ «ሳይፈተሽ ተገጠመ» ይሆናል። ከአለማወቅ ወደ ክስ የተሸጋገረው በሁለት እርምጃ ነው፤ በየእርምጃው የተቀነሰው አንድ ቃል ብቻ ነው። የሰው ስምና እንጀራ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ይህን እንደ ቀላል የአጻጻፍ ግድፈት አላየውም። «አልተረጋገጠም»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «መርማሪዎቹ መለየት አልቻሉም» የሚሉ ሐረጎች በከፊል ማጠቃለያው ላይ ተሰምሮባቸው መተላለፍ አለባቸው። ማጠቃለያን እንደገና ማጠቃለልም በተቻለ መጠን ከአንድ ደረጃ በላይ ባይሄድ ይመረጣል።

የማገጣጠሙ ሥራ ሲጀመር የሚቀናው ከፊል ማጠቃለያዎቹን በተራ መቀጠል ነው፤ 1.1፣ ቀጥሎ 1.6፣ ቀጥሎ 1.11 እያሉ። ያ ግን አጭር ዘገባ ይሰጣል እንጂ ማጠቃለያ አይሰጥም፤ ትስስሩን የማግኘቱ ሥራ በአንባቢው ላይ ይወድቃል። አገጣጣሚው ማድረግ ያለበት አንዱን የመዝገብ መለያ ይዞ በሁሉም ከፊል ማጠቃለያዎች ውስጥ መከተል ነው። ሴ-2ን ከያዘ፦ ፍሎሪዳ ተጠገነ፣ 21 ዲግሪ ተዛብቶ ወጣ፣ ዴንፓሳር ተገጠመ፣ የፍተሻው ውጤት አልተመዘገበም፣ በ-043 ላይ መሪውን አንቀጠቀጠ፣ ሎግ ቡኩ ላይ ንቅጥቃጤው አልተጻፈም፣ በ-610 ላይ ኤምካስን ደጋግሞ ቀሰቀሰ። እነዚህ ሰባት ነጥቦች ከተለያዩ ሰዎች ወረቀት የተለቀሙ ናቸው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሲቆሙ ግን አንድ ታሪክ ይሆናሉ። «አልተለየም» የተባሉት ቦታዎች የሚሞሉትም በዚህ ጊዜ ነው፤ ከሌላው ክፍል ባለው ቀን ወይም ካልሆነ ወደ ዋናው ዘገባ ተመልሶ በማየት።

ፍተሻው የሚደረገው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ከዘጠኙ ምክንያቶች አንዱ ተወስዶ፣ የተገጣጠመው ማጠቃለያ ያንን ምክንያት ሊያስረዳ የሚችል እውነታ መያዙ ይታያል። ስለ ማ-1 እንሞክረው። ዘገባው ማስጠንቀቂያው በዚህ አውሮፕላን ላይ በትክክል እንዲሠራ ሆኖ አለመሰናዳቱን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎታል። ይህን ለመረዳት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያው የሁለቱ ሴንሰሮች ልዩነት ከ10 ዲግሪ በልጦ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲቆይ መውጣት ነበረበት። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ 21 ዲግሪ ነበር። ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያው ይሠራ የነበረው ገዢው በምርጫ የሚያስጨምረው የማዕዘን ማሳያ ባለባቸው አውሮፕላኖች ላይ ብቻ ሲሆን ይህ አውሮፕላን ያ ማሳያ አልነበረውም። የመጀመሪያው የሚገኘው የአውሮፕላኑ ሥርዓት በሚገለጽበት፣ ሁለተኛው መቅረጫው በሚነበብበት ቦታ ነው። ከሦስቱ አንዱ በተገጣጠመው ጽሑፍ ውስጥ ከጠፋ፣ ምክንያቱ ያለ ድጋፍ የቆመ አባባል ሆኖ ይቀራል፤ የጠፋውን ነገር በየትኛው ክፍል እንደሚፈልጉም ወዲያው ይታወቃል። ዘጠኙንም በዚህ መንገድ ማለፍ አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ የሚሻል የመፈተሻ ዘዴ አላውቅም።

ዛሬ ይህን ሥራ ለኮምፒውተር የቋንቋ ሞዴሎች የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ አንድ ሞዴል በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው የጽሑፍ መጠን ስለሚወሰን ረጅሙ ሰነድ እዚያም ይቆራረጣል። የተለመደው አሠራር ጽሑፉን በእኩል ርዝመት ቆርጦ፣ ድንበሩ ላይ ያለ ሐሳብ እንዳይበጠስ የአንዱን ቁራጭ መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ጋር ትንሽ ማደራረብ ነው። መደራረቡ የሚያድነው ጎረቤት አንቀጾችን ብቻ ነው። በ1.6 ያለውን ሴንሰር በ1.16 ካለው ሙከራ ጋር የሚያገናኘው ማጣቀሻ ብዙ ገጾችን ይሻገራል፤ ምንም ያህል ቢደራረብ አይደርስበትም። ለማሽኑም ቢሆን ማያያዣ መዝገቡ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጋር አብሮ መግባት አለበት፤ ከኋላ ወደ ፊት የሚደረገውን ፍተሻ ደግሞ ዋናውን ዘገባ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ያድርገው።

ይህ ዘዴ የማይሻገረው ወሰንም አለው። መዝገቡ የሚይዘው ሥራው ሲጀመር የታወቁትን ትስስሮች ነው። በማጠቃለሉ መሐል አንዱ አንባቢ አዲስ ተመላላሽ ነገር ቢያገኝ፣ ለምሳሌ በሁለት ክፍሎች የሚነሣ አንድ የሥልጠና ሰነድ፣ መዝገቡ ላይ አስገብቶ ለሁሉም ማሳወቅ አለበት፤ ቀድመው የጨረሱትም ክፍላቸውን እንደገና ማየት ይኖርባቸዋል። ለዚህ ጊዜ ካልተመደበ መዝገቡ ካለመኖሩ ብዙም አይሻልም። ዘገባው ራሱ ሁለት ቦታ የሚጋጭ ነገር ከጻፈም አገጣጣሚው አስታርቆ ማለፍ የለበትም፤ ሁለቱንም ከነክፍል ቁጥራቸው ያስቀምጣል።

የኢትዮጵያ መርማሪዎች ስለ በረራ 302 ያዘጋጁት የመጨረሻ ዘገባ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አጽሙም ያው የአባሪ 13 አጽም ነው። በአማርኛ ሊያጠቃልለው የሚነሣ ሰው ወይም ቡድን ካለ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ እንዳለ ይሠራለታል። የተዘጋጀ ማጠቃለያ የምትቀበሉ አንባቢዎችም አንድ ነገር ጠይቁ፦ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር ከየትኛው ክፍል እንደመጣ የሚያሳይ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩ የሌለበትን ማጠቃለያ ከዋናው ጋር ሳታስተያዩ ለሌላ ሰው አታስተላልፉት።